«አልላክ» ያለ የምዝገባ ቅጽ፦ በኪቦርድ ብቻና በስክሪን ሪደር እንዴት ይፈተሻል?

ጥያቄ፦ ደሴ ላለ አንድ የሙያ ማሰልጠኛ የኦንላይን ምዝገባ ቅጽ ሠርቻለሁ። ማየት የተሳናቸው አንዲት አመልካች ደውለው «ቅጹ አልላክ አለኝ» አሉኝ። እኔ ስሞክረው ያለ ችግር ይሠራል፤ አውቶማቲክ መመርመሪያውም አንድ ስህተት እንኳ አላሳየኝም። በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበውን ስክሪን ሪደር ተጠቅሜ አላውቅም። ጥፋቱ የት እንዳለ እንዴት ላግኘው?

ምላሽ፦

ሰላም ለጠያቂው። አመልካቿ የተናገሩት ቃል ራሱ ግማሹን መልስ ይዟል። «አልሞላ አለኝ» አላሉም፤ «አልላክ አለኝ» ነው ያሉት። እንግዲህ ከመጀመሪያው ሳጥን እስከ መላኪያው በተን ድረስ ሄደዋል፣ በተኑንም ተጭነዋል፣ ከዚያ በኋላ ግን የሰሙት ነገር የለም ማለት ነው። እርስዎ ሲሞክሩት የሚሠራው በትክክል ስለሚሞሉት ነው፤ ቅጹን የሠራ ሰው ስልክ ቁጥሩ በምን መልክ እንደሚጻፍ ያውቃል፣ የትኛው ሳጥን ግዴታ እንደሆነም አይጠፋውም። ስለዚህ በዋናነት መፈተሽ ያለብዎት ቅጹ ሲቀበል የሚሆነውን ሳይሆን እምቢ ሲል የሚያደርገውን ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ ድርጅት የሠራሁትን ቅጽ ማየት የተሳናቸው አንዲት መምህርት አጠገቤ ተቀምጠው ሲሞሉ የማየት ዕድል አግኝቼ ነበር። ሁሉንም ሞልተው «ላክ» የሚለው በተን ላይ `Enter` ተጫኑ፤ ትንሽ ጠበቁ፤ ደግመው ተጫኑ፤ በሦስተኛው እጃቸውን ከኪቦርዱ አንሥተው «ኔትወርኩ ሄደ መሰለኝ፤ አብሽር፣ ማታ እሞክረዋለሁ» አሉኝ። ስክሪኑ ላይ የስልክ ቁጥሩ ሳጥን ዙሪያው ቀይ ሆኖ ነበር፤ እኔ አየሁት፣ እሳቸው ግን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ኔትወርክ በሚመላለስበት አገር የቅጽ ዝምታና የኔትወርክ መጥፋት ለጆሮ አንድ ዓይነት ናቸው። ሰው ጥፋቱን ከቅጹ ይልቅ በኔትወርኩ ላይ ያሳብብና ትቶት ይሄዳል፤ የእርስዎ አመልካች ደውለው መንገራቸው እንደ ዕድል የሚቆጠር ነው።

አውቶማቲኩ መመርመሪያም አልዋሸዎትም። እሱ የሚያየው የተጻፈውን ኮድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሳጥን መለያ ጽሑፍ ተሰጥቶታል ወይ፣ የፊደሉና የመደቡ ቀለም በበቂ ሁኔታ ይለያያል ወይ፣ ይህንና የመሳሰለውን ይቆጥራል። በተኑን ግን አይጫንም፤ ተጭኖም «አሁን ምን ተሰማ?» ብሎ አይጠይቅም። ያንን የሚያደርግ ሰው ብቻ ነው።

ከስክሪን ሪደሩ በፊት በኪቦርድ ብቻ ይጀምሩ። በ`Tab` የማይደረስበት ነገር አብዛኛውን ጊዜ በስክሪን ሪደርም ሊሠራበት አይችልም፤ ሁለቱን አደባልቀው ከጀመሩ ደግሞ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ማውሱን ይንቀሉ፤ ላፕቶፕ ከሆነ የመዳሰሻውን ቦታ በወረቀት ይሸፍኑት፣ እጅ ሳያስቡት ወደዚያ ይሄዳልና። ገጹን እንደገና ይክፈቱና `Tab` እየተጫኑ ወደፊት፣ `Shift+Tab` እየተጫኑ ወደኋላ ይሂዱ። በተን በ`Enter` ወይም በ`Space` ይጫናል፤ የምርጫ ክቦችና ተዘርጋፊ ዝርዝሮች በቀስት ቁልፎች ይንቀሳቀሳሉ፤ የተከፈተ ብቅ ባይ መስኮት በ`Esc` መዘጋት አለበት። በእያንዳንዱ `Tab` ላይ ቆም ብለው «አሁን የት ነኝ?» ብለው ስክሪኑን ይጠይቁት። መልሱ በዓይን የማይገኝ ከሆነ፣ ማለትም ፎከሱን፣ ኪቦርዱ አሁን የያዘውን ቦታ፣ የሚያሳይ ክፈፍ ከሌለ፣ ከስታይሉ ውስጥ ክፈፉን ያጠፋ መስመር ይፈልጉ፤ በተዘጋጁ ቴምፕሌቶች ውስጥ «ለማሳመር» ተብሎ ገብቶ ብዙ ጊዜ ይገኛል። እሱን አውጥተው በዚህ ይተኩት፦

```css
:focus-visible {
  outline: 3px solid #1a4fa3;
  outline-offset: 2px;
}
```

እዚህ ላይ አዲስ ፈታሾችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ጾታ ሲመረጥ `Tab` «ወንድ» ላይ አርፎ በሚቀጥለው «ሴት»ን ዘሎ ወደ ሌላ ሳጥን ቢሄድ ጥፋት አይደለም። የምርጫ ክቦች በአንድ ስም የተሰበሰቡ እንደሆነ `Tab` የሚገባባቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በመካከላቸው የሚኬደው በቀስት ነው። ይህን «ለማስተካከል» ብሎ በእያንዳንዱ ላይ `tabindex` የጨመረ ሰው ደህናውን ነገር ያበላሻል።

በዚህ ዙር በምዝገባ ቅጾች ላይ ደጋግሜ ያገኘኋቸው ጥፋቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የትምህርት ማስረጃ የሚያያዝበት ቦታ ነው። የብራውዘሩ የፋይል መምረጫ መልኩ ስለማያምር ሠሪው በ`display:none` ይደብቀውና በምትኩ የሚያምር «ፋይል ይምረጡ» የሚል መለያ ያስቀምጣል። በማውስ ሲነኩት ይሠራል፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ የተደበቀ ነገር ከ`Tab` ሰልፍ ይወጣል፣ መለያው ራሱም ፎከስ አይቀበልም። ውጤቱ `Tab` ከወረዳ ወደ መላኪያው በተን በቀጥታ መዝለሉ ነው፤ ማስረጃ ማያያዝ ደግሞ ግዴታ ስለሆነ ቅጹ በጭራሽ አይላክም። የእኔ ምክር የብራውዘሩን መምረጫ ባይደብቁት ነው፤ አለማማሩ የሚጎዳው ሰው የለም።

ሁለተኛው የትውልድ ቀን ነው። የኤችቲኤምኤል `type="date"` የሚያውቀው የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር ስለሆነ፣ የእኛን አቆጣጠር የሚፈልግ ሠሪ ብቅ የሚል የቀን መቁጠሪያ ከየትም አምጥቶ ይለጥፋል። ብዙዎቹ የሚከፈቱት በማውስ ብቻ ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ፎከስ ሲደርሳቸው በራሳቸው ይከፈቱና `Tab`ም `Esc`ም የማያስወጣ ወጥመድ ይሆናሉ። ነገሩን ቀረብ ብለው ካዩት የትውልድ ቀን መቁጠሪያ ከፍቶ የሚፈለግ ነገር አይደለም፤ ሰው የተወለደበትን ቀን ያውቀዋል። ሃያና ሠላሳ ዓመት ወደኋላ ወር በወር መጫን ለሚያየውም ሰው ድካም ነው። ቀንና ዓመት በቁጥር የሚጻፉባቸው ሁለት ሳጥኖች፣ በመካከላቸው ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አሥራ ሦስቱን ወራት የያዘ ተዘርጋፊ ዝርዝር፣ ሦስቱም በአንድ `fieldset` ውስጥ «የትውልድ ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» በሚል `legend` ቢታቀፉ ችግሩ ከሥሩ ይነቀላል። ሲፈትሹት ጳጉሜን 6 ቀን 1993 ብለው ይሙሉ። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ብቻ ስለሆነ ቅጹ ይህን መቀበል የለበትም፤ ጳጉሜን 6 ቀን 1995ን ግን መቀበል አለበት። እምቢ ሲልም ምክንያቱን በቃላት መናገር አለበት።

ሦስተኛው ዞንና ወረዳ ነው፤ ይህ በማውስ ለሚፈትሽ ሰው ፈጽሞ አይታይም። አመልካቹ ዞን ሲመርጥ የወረዳው ዝርዝር ይሞላል፣ ይህ ትክክል ነው። አንዳንድ ሠሪ ግን ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ዞኑ እንደተለወጠ ፎከሱን በራሱ ወደ ወረዳው ይገፋዋል። በዊንዶውስ ላይ በክሮም ያልተዘረጋ ዝርዝር ላይ ቁልቁል ቀስት ሲጫኑ ምርጫው በእያንዳንዱ ጭነት ይለወጣል። ስለዚህ ደቡብ ወሎን የሚፈልግ ሰው አንዴ ቀስት እንደተጫነ ከዝርዝሩ አናት ያለው ዞን ይመረጥበትና ያልፈለገው ዞን ወረዳዎች ውስጥ ተወርውሮ ያገኛል። በ`Shift+Tab` ተመልሶ እንደገና ቀስት ይጫናል፣ እንደገና ይወረወራል፤ ሰሜን ወሎን አልፎ ደቡብ ወሎ እስኪደርስ ይህን ደጋግሞ ማድረግ አለበት። ማየት የተሳነው ሰው ደግሞ መወርወሩን እንኳ በቅጡ ላያውቅ ይችላል። የዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ አንቀጽ 3.2.2 የሚከለክለው ይህንኑ ነው፤ ምርጫ መለወጥ ብቻውን ሰውየውን ሳይነገረው ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ የለበትም። የወረዳው ዝርዝር ይሙላ፣ ፎከሱ ግን ባለበት ይቆይ። በነገራችን ላይ ዝርዝሩ ውስጥ ፊደል በመጻፍ ወደ ስሙ መዝለል የሚቻለው ኪቦርዱ ወደ አማርኛ ሲቀየር ነው፤ ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ እያለ `K` ቢጫኑ ኩታበር ወይም ቃሉ አይመጣም። ስለዚህ ረጅሙን የወረዳ ዝርዝር በፊደል ተራ መደርደር በቀስት ለሚሄደው ሰው ብዙ ያቀልለታል።

ኪቦርዱ ብቻውን ካለቀ በኋላ ስክሪን ሪደሩን ያምጡ። በዊንዶውስ ላይ ኤንቪዲኤ ነፃ ነው፤ ከ`nvaccess.org` ይወርዳል፣ ሳይጫን ከፍላሽ ላይም ሊሠራ ይችላል። ከተጫነ በ`Ctrl+Alt+N` ይነሣል፣ በ`Insert+Q` ይዘጋል፤ ንግግሩ ሲበዛብዎት `Ctrl` ቢጫኑ ዝም ይላል። መጀመሪያ ከምናሌው ውስጥ `Tools` ሥር ያለውን `Speech Viewer` ይክፈቱ፤ የሚናገረውን ሁሉ በጽሑፍ ስለሚያሳይዎት ላልለመደ ጆሮ መፍትሔ ነው፣ በኋላም ወደ ሪፖርት መቅዳት ይቻላል።

ድምፁን እንዳስነሡ ምናልባት አማርኛው ጨርሶ አይነበብ ይሆናል፤ ወይ ይዘለላል፣ ወይ ትርጉም የለሽ ኮድ ሆኖ ይሰማል። ይህ ሁልጊዜ የስክሪን ሪደሩ ጥፋት አይደለም። ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው የድምፅ ሞተር አማርኛ ይናገራል፤ አነጋገሩ ደረቅና የማሽን ቢሆንም ለመረዳት ይበቃል። ነገር ግን ወደ አማርኛው ድምፅ የሚቀየረው በኤንቪዲኤ ቅንብር ውስጥ ኢስፒክ ተመርጦ ገጹ ቋንቋውን ሲነግረው ነው። የገጽዎን የመጀመሪያ መስመር ይመልከቱ፤ ከቴምፕሌት የተቀዳ ከሆነ `lang="en"` የሚል ሊኖር ይችላል። ወደዚህ ይለውጡት፦

```html
<html lang="am">
```

ወደ ፍተሻው ከመግባትዎ በፊት ግን ስክሪን ሪደር በገጽ ላይ የሚሠራባቸውን ሁለት ሁኔታዎች መለየት ያስፈልግዎታል፤ ይህን ያልተረዳ ሰው የሚያገኘው ውጤት ሁሉ ይምታታበታል። አንደኛው የንባብ ሁኔታ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቁልቁል ቀስት ሲጫኑ ገጹን መስመር በመስመር ያነባል፣ `F` ሲጫኑ ደግሞ ወደሚቀጥለው መሙያ ይዘላል። ሁለተኛው የመሙላት ሁኔታ ነው፤ ፎከሱ ወደ ሳጥን ሲገባ በራሱ ይቀየራል፣ ከዚያ በኋላ የሚጫኑት ፊደል ሳጥኑ ውስጥ ይጻፋል። ሁለቱን በእጅ የሚቀያይረው `Insert+Space` ነው። ቅጽ የሚሞላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ውስጥ ሆኖ ከሳጥን ወደ ሳጥን በ`Tab` ይሄዳል። በዚህ ጊዜ በሳጥኖቹ መካከል ያለ ተራ ጽሑፍ፣ ከሳጥኑ ጋር በኮድ ካልተያያዘ በስተቀር፣ አይነበብም። የቅጽዎ ጥፋት ሥር ያለው እዚህ እንደሆነ እገምታለሁ።

አሁን ስክሪኑን ያጥፉ፤ ካልሆነም የደሴ ብርድ ያስለበሰዎትን ጋቢ ጣል ያድርጉበት። እያዩ የሚፈትሹ ከሆነ ዓይን የጎደለውን ለጆሮ ይሞላለታልና ምንም አይያዝዎትም። በ`Tab` ወደ ስልክ ቁጥሩ ይሂዱና ያዳምጡ። ምናልባት የሚሰሙት ይህን ያህል ብቻ ነው፦

```text
ስልክ ቁጥር  edit  blank
```

ስሙ ተነግሯል፣ መጻፊያ ሳጥን መሆኑ ተነግሯል፣ ባዶ መሆኑም ተነግሯል። ለዚህ ነው መመርመሪያው ስህተት የለም ያለው፤ መለያው አለ። ስክሪኑ ላይ ግን ከሳጥኑ ሥር በትንሽ ፊደል «10 አሃዝ፤ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል» የሚል ማስታወሻ አለ እንበል። በ`Tab` የመጣ ሰው ይህን አልሰማም። ስለዚህ ስልኩ ላይ ተመዝግቦ እንዳለው `+251` ብሎ ይጀምራል፤ ቅጹም አይቀበለውም። ከመላኪያው በተን ላይ የተሰማው ዝምታ የተጸነሰው አራት ሳጥን ቀደም ብሎ ነው ማለት ነው። አንድ አስተያየት ልጨምር፦ `+251`ን ወደ `0` መቀየር ለሰርቨሩ የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ቅጹ ሁለቱንም ቢቀበል ማስታወሻውም ስህተቱም ባላስፈለገ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ዋናው ፈተና የሚመጣው። ጋቢውን ሳያነሡ ቅጹን ሆን ብለው ያበላሹት። ስሙን በትክክል ይሙሉ፣ ስልኩን ስምንት አሃዝ ብቻ ይጻፉ፣ ወረዳውን ሳይመርጡ ይለፉ፣ ከዚያ መላኪያው ላይ `Enter` ይጫኑ። አሥር ሴኮንድ ይጠብቁና ሦስት ነገር ራስዎን ይጠይቁ። አንድ ነገር ተሰማኝ ወይ? የተሰማኝ የቱ ሳጥን እንደተበላሸና ለምን እንደሆነ ይነግረኛል ወይ? አሁን ፎከሱ የት ነው? ለሦስተኛው `Insert+Tab` ቢጫኑ ያለበትን ይነግርዎታል። ዝምታ ከሆነና ፎከሱ አሁንም «ላክ» ላይ ከሆነ የአመልካቿን ችግር በእጅዎ ይዘውታል። በመመሪያው አንቀጽ 3.3.1 መሠረት ስህተቱ የትኛው እንደሆነ ተለይቶ በጽሑፍ መነገር አለበት፤ ቀይ ቀለም ብቻውን ጽሑፍ አይደለም።

ሌላም መልክ ሊገጥምዎት ይችላል። ሳጥኑ `required` ተብሎ ከሆነና ማረጋገጡ ለብራውዘሩ የተተወ ከሆነ፣ ክሮም ራሱ ፎከሱን ወደ ባዶው ሳጥን ወስዶ `Please fill out this field.` የሚል አረፋ ያሳያል፤ ኤንቪዲኤም ያነበዋል። ከዝምታው ይሻላል፤ ነገር ግን ቋንቋው የሚከተለው ብራውዘሩን እንጂ የእርስዎን ገጽ አይደለም፣ አረፋውም ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል፣ አንዴ ያመለጠው ሰው ተመልሶ የሚያነበው ነገር አያገኝም። ከሁሉም የከፋው ሁሉም እስኪሞላ መላኪያውን በተን `disabled` አድርጎ ማቆየት ነው፤ `Tab` ዘሎት ስለሚያልፍ ሰውየው ቅጹ መላኪያ እንደሌለው ይደመድማል።

ማስተካከያው ረጅም አይደለም። ማስታወሻውና የስህተቱ ጽሑፍ ሁለቱም ከሳጥኑ ጋር ይያያዙ፦

```html
<label for="silk">ስልክ ቁጥር</label>
<input id="silk" type="tel"
       aria-describedby="silk-shtet silk-mrja">
<p id="silk-shtet"></p>
<p id="silk-mrja">10 አሃዝ፤ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል</p>
```

ስክሪን ሪደሩ በ`aria-describedby` ውስጥ የተዘረዘሩትን በተጻፉበት ተራ ስለሚያነባቸው የስህተቱን መታወቂያ አስቀድሜያለሁ፤ ስህተት ሲኖር መጀመሪያ መሰማት ያለበት እሱ ነው። ቅጹ እምቢ ሲል ደግሞ ይህ ይከናወን፦

```js
silk.setAttribute('aria-invalid', 'true');
document.getElementById('silk-shtet').textContent = 'የጻፉት 8 አሃዝ ነው፤ 10 መሆን አለበት';
silk.focus();
```

የሦስቱ መስመሮች ቅደም ተከተል ቀላል ነገር አይደለም። ፎከሱ አስቀድሞ ከሄደና ጽሑፉ በኋላ ከመጣ ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው የቀድሞውን ሁኔታ ነው፤ ስህተቱም ሳይነገር ያልፋል። በትክክል ከተሠራ `Enter` እንደተጫኑ በ`Speech Viewer` ላይ «ስልክ ቁጥር» የሚለውን፣ `invalid entry` የሚለውን፣ ቀጥሎም የእርስዎን የአማርኛ ማብራሪያ አንድ ላይ ያገኛሉ፤ ጠቋሚውም መታረም ያለበት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስህተቶቹ ብዙ ሲሆኑ ፎከሱ ወደ መጀመሪያው ይሂድ፤ ያንን አርሞ ሲልክ ወደሚቀጥለው ይወስደዋል። ስምንት መሙያ ላለው ቅጽ ይህ ይበቃል። ሠላሳ መሙያ ያለው ቅጽ ቢሆን ኖሮ ከላይ የስህተቶቹን ዝርዝር አስቀምጦ ፎከሱን ወደዚያ መውሰድን እመርጥ ነበር።

ስህተቱን በ`role="alert"` ብቻ ማስነገር ይበቃል ወይ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። በእኔ አስተያየት ለቅጽ ስህተት ብቻውን አይበቃም፤ ይነገራል፣ ያልፋል፣ በዚያች ቅጽበት በረንዳው ላይ ባጃጅ ጥሩምባ ቢነፋ አመለጠ ማለት ነው። ከሳጥኑ ጋር የተያያዘ ጽሑፍ ግን ወደ ሳጥኑ በተመለሱ ቁጥር እንደገና ይነበባል። እንዲህ ያለው ማስነገሪያ የሚጠቅመው «በመላክ ላይ ነው» እና «ምዝገባዎ ተሳክቷል» ለሚሉት ነው፤ ለእነዚህ `role="status"` ያለው ባዶ ቦታ ገጹ ሲከፈት ጀምሮ መኖር አለበት፣ ጽሑፉ በኋላ ይገባበታል። ቦታውም ጽሑፉም በአንድ ጊዜ ከተፈጠሩ ሳይነገር ሊቀር ይችላል። የተሳካውንም ምዝገባ በጋቢው ሥር ሆነው ይፈትሹ፤ «ተሳክቷል» የሚለው ካልተሰማ ሰውየው ሁለት ሦስት ጊዜ ይልክና በመዝገብዎ ውስጥ አንድ አመልካች ሦስት ሆኖ ይገኛል።

ከኮምፒውተሩ ቀጥሎ ስልክ ላይ ይፈትሹ፤ ከኩታበር ወይም ከሐይቅ የሚያመለክት ሰው ቅጹን የሚከፍተው በስልክ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በአንድሮይድ ላይ ቶክባክ የተባለውን ስክሪን ሪደር ከቅንብሮቹ ውስጥ ካስነሡ በኋላ ጣት ወደ ቀኝ ሲጠረግ ወደሚቀጥለው ነገር ይሄዳል፣ ሁለቴ መታ ሲደረግ ይጫናል። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስልክ ላይ በመጥረግ የሚሄድ ሰው በሳጥኖቹ መካከል ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ስለሚያገኘው፣ ያ ያልተያያዘው የስልክ ማስታወሻ እዚህ ይሰማል። ስለዚህ በስልክ አለፈ ማለት በኮምፒውተር ያልፋል ማለት አይደለም፤ ሁለቱንም የማስፈትሸው ለዚህ ነው። ጊዜ ካጠረዎት ኤንቪዲኤን ከክሮም ጋር፣ ቶክባክንም ከክሮም ጋር ይፈትሹ፤ ፋየርፎክስን ለቀጣዩ ቀን ያቆዩት።

ያገኙትን ሲጽፉ «ቅጹ ተደራሽ አይደለም» የሚል ጥቅል ቃል ለማንም አይጠቅምም። የተጫኑትን ቁልፍ፣ ይሰማል ብለው የጠበቁትንና የተሰማውን ብቻ ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ስልኩ 8 አሃዝ ሆኖ ‹ላክ› ላይ `Enter`፤ የጠበቅሁት የስህተቱን ምክንያት፤ የተሰማው ዝምታ፤ ፎከሱ በተኑ ላይ ቀረ፤ ኤንቪዲኤ፣ ክሮም» ማለት። ካስተካከሉ በኋላ ያንኑ እርምጃ በዚያው መረጃ ይድገሙት።

በመጨረሻም ለአመልካቿ መልሰው ይደውሉላቸውና ፈቃደኛ ከሆኑ እንዲሞክሩት ይጠይቁ፤ ጋቢ የጣለ ፈታሽ ቅጹን በሐሳቡ ስለሚያየው እንደ እሳቸው ሊሰማው አይችልም። ሲሞሉ «አሁን ወደ ታች ይሂዱ» እያሉ አይምሯቸው፤ ዝም ብለው ይከታተሉና የት ላይ እንደሚቆሙ፣ የቱን ሳጥን ሁለት ጊዜ እንደሚመለሱበት ብቻ ይመዝግቡ። የመመዝገቢያው ቀን እንዳያልፍባቸው ደግሞ ቅጹ እስኪስተካከል ድረስ መረጃቸውን በስልክ ተቀብሎ የሚመዘግብላቸው ሰው ማሰልጠኛው ዛሬውኑ እንዲመድብ ይንገሩት።